አልማዝ ባለጭራ፦ ሰዓት የሚቆጠርበት በሽታ

አክስቴ የ63 ዓመት ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ማታ ደውላ «ልጄ፣ ጎኔን ወጋኝ» አለችኝ። ሕመሙ ከቀኝ ጡቷ ሥር ይነሣና በብብቷ በታች ዞሮ ጀርባዋ ላይ፣ አከርካሪዋ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። አንዳንዴ እንደ ፍም ይለበልባታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ኮረንቲ እንደያዘው ሰው ብድግ ያደርጋታል። ከሁሉ የገረማት ግን የልብሷ ነገር ነው። ለዓመታት የለበሰችው ለስላሳ የቤት ቀሚስ ጎኗን በነካት ቁጥር ሳማ የነካት ያህል ያንገበግባታል። መስታወት ፊት ቆማ ብታይ ቆዳዋ ላይ ምንም የለም። ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ፣ የተመታችበት ምልክት የለ።

ቤተሰቡ እንደ ልማዱ መላ ምቱን ደረደረ። አንዱ «ብርድ ነው» አለ፣ ሌላው «ጨጓራ ነው»፣ ጎረቤቷ ደግሞ ዳማ ከሴ ጨምቃ መጣች። እኔ የፈራሁት ልቧን ነበር። እሁድ አንድ ክሊኒክ ሄደች። የልብ ምርመራ አደረጉላት፣ ደህና ነው ተባለች፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመለሰች። ክሊኒኩን ለመውቀስ አይቃጣኝም። ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ደረቷን የሚያማት የ63 ዓመት ሴት ስትመጣ ሐኪም መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ቶሎ የሚገድለውን ነው። ይህ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን አይገልጥም፤ በግራ ጎን ሲወጣ ልብ፣ በቀኝ ሲወጣ ሐሞት ከረጢት፣ ዝቅ ብሎ ሲወጣ ኩላሊት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሽፍታው 2 ወይም 3 ቀን ቀድሞ ሕመሙ ብቻውን ይመጣል።

ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ልብሷን ስትቀይር ጎኗ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ቀላ ብሎ አየች። ትኋን ነው ብላ ተኛች። ረቡዕ ጠዋት ቅላቱ ላይ ምስር የሚያካክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ፈልተው ጠበቋት። እዚህ ጋ አንድ እፍኝ፣ ከዚያ ትንሽ ጤነኛ ቆዳ፣ ቀጥሎ ሌላ እፍኝ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ተደጋግፈው ከጀርባዋ እስከ ደረቷ ተሰልፈዋል። ከኋላ በአከርካሪዋ መስመር፣ ከፊት በደረቷ መሐል አጥንት ላይ ሰልፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። በግራ በኩል አንዲት ነጥብ የለም።

ይህን መልክ አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይስተውም። በአንድ ወገን ብቻ፣ እንደ መቀነት ዞሮ፣ መሐል ላይ የሚቆም፣ ከሕመም በኋላ የመጣ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው። ሐኪሞች ሄርፒስ ዞስተር ይሉታል። ዞስተር በግሪክ መታጠቂያ ማለት ነው። የእኛው «ባለጭራ» የሚለው ቅጽልም ከኋላ ሰፋ ብሎ ወደ ፊት እየቀጠነ የሚሄደውን ሽፍታ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ጎረቤቷ ግን «ሸረሪት ሸንታብሽ ነው» አለች። ከሸረሪት ሽንት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መቀነቱ ዞሮ ከገጠመ ሰውየው ይሞታል የሚለውም በብዙ አገር የሚወራ ፍራቻ ነው። በጤነኛ ሰው ላይ ዞሮ የማይገጥምበት ምክንያት አለው፤ ያንን ለማየት ደግሞ ወደ ልጅነት መመለስ ያስፈልጋል።

አክስቴ ልጅ ሳለች ጉድፍ ወጥቶባታል። ሐኪሞች ቺክን ፖክስ የሚሉት፣ መላ ሰውነትን አልብሶ በሳምንት በዐሥር ቀን የሚለቅ፣ ብዙ ቤተሰብ የማይጨነቅበት የልጆች በሽታ ነው። የሁለቱም በሽታ ቫይረስ አንድ ነው፤ ስሙም ቫሪሴላ ዞስተር ይባላል። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም። በነርቮች በኩል ወደ ውስጥ ሄዶ አከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ይተኛል፤ ለ20፣ ለ40፣ ለ60 ዓመት። የሰውነት መከላከያ ነቅቶ እስከጠበቀው ድረስ አይንቀሳቀስም። ዕድሜ ሲገፋ ወይም መከላከያው በሌላ ምክንያት ሲዳከም ይነቃል።

ይህን ታሪክ ካስረዱት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር ሲረንሴስተር በምትባል ከተማ የሠራ ኤድጋር ሆፕ-ሲምፕሰን የተባለ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ታካሚዎቹን ለ16 ዓመታት እየመዘገበ በሽታው ማንን እንደሚይዝ ተከታተለ። በሽታው ወቅት አይመርጥም፣ ከጉድፍ ወረርሽኝ ጋር አብሮ አይነሣም፣ ነገር ግን ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከውስጥ የሚነሣ መሆን አለበት ብሎ በ1965 እ.ኤ.አ. ጻፈ። ትክክል ነበር። አልማዝ ባለጭራ ከማንም አይጋባብንም፤ የራሳችን የልጅነት እንግዳ ነው የሚነሣብን።

የመቀነቱም ምስጢር እዚያው ነው። ከአከርካሪ በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡ ነርቮች አሉ፤ በደረት በኩል ብቻ 12 ጥንድ። እያንዳንዱ ነርቭ የራሱ የቆዳ ክልል አለው፤ የደረት ነርቮች ክልል ከጀርባ ወደ ፊት የሚዞር ጠባብ ጥብጣብ ነው። ቫይረሱ ከአንድ ቋጠሮ ሲነቃ በዚያ ነርቭ ክሮች ተጉዞ የሚወጣው እዚያው ጥብጣብ ላይ ነው። የቀኙ ነርቭ የግራውን ክልል አያስተዳድርምና መሐል ላይ ይቆማል። ሕመሙ ሽፍታውን የሚቀድመውም ቫይረሱ ቆዳ ጋ ከመድረሱ በፊት ነርቩን ራሱን እያቃጠለ ስለሚመጣ ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሐሙስ ዕለት ሠፈሯ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄደች። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየች። ወጣቱ ባለሙያ በአንድ እይታ «አልማዝ ባለጭራ ነው» አለ፤ በዚህ አደንቀዋለሁ። ከዚያ የአሲክሎቪር ቅባትና ባለ 200 ሚሊግራም የአሲክሎቪር እንክብል ሰጣት። አንድ አንድ ፍሬ፣ በቀን 5 ጊዜ፣ ለ5 ቀን፤ በጠቅላላው 25 ፍሬ።

በሽታውንም መድኃኒቱንም ለይቷል፤ የሳተው መጠኑን ነው። ስሕተቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ በብዙ መድኃኒት ቤት ሊደርስ የሚችል ነው። በከንፈር ወይም በብልት ላይ ለሚወጣው ሄርፒስ የሚታዘዘው መጠን በትክክል እሱ ነው፤ 200 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ። የአልማዝ ባለጭራው ቫይረስ የዚያ ዘመድ ቢሆንም ለአሲክሎቪር በቀላሉ አይበገርም። በዚያ ላይ ከተዋጠው እንክብል ወደ ደም የሚገባው ከአምስት አንዱ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ለአዋቂ ሰው የሚታዘዘው 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ነው። አክስቴ የተሰጣት የቀን መጠን ከሚያስፈልጋት ሩቡ ብቻ ነበር። ቅባቱ ደግሞ ለዚህ በሽታ አይሠራም፤ ውጊያው ያለው ነርቩ ውስጥ ነው፣ የቆዳ ቅባት እዚያ አይደርስም።

ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ነበርን። ካርድ አውጥተን ስንገባ ሐኪሟ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው «እማማ፣ ሽፍታው መጀመሪያ የታየዎት መቼ ነው?» ብላ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ቅዳሜን ሳይሆን ሽፍታው የታየበትን ሰዓት ነው የፈለገችው። አክስቴ «ማክሰኞ ማታ፣ ልብስ ስቀይር» አለች። ሐኪሟ በጣቷ ቆጠረች፤ ከማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት እስከ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። «ደርሰውልኛል» አለቻት።

የምትቆጥረው ወደ 72 ሰዓት ነበር። የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ይባላል። ቁጥሩ የመጣው መድኃኒቶቹ ሲፈተኑ በጥናቱ የተካተቱት ሕመምተኞች በአብዛኛው በ3 ቀን ውስጥ የመጡ ስለነበሩ ነው። በ71ኛው ሰዓት ተከፍቶ በ73ኛው የሚዘጋ በር የለም። የሚሆነው ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ በፍጥነት ይባዛል፤ አሲክሎቪር ደግሞ የሚሠራው በመባዛት ላይ ባለ ቫይረስ ላይ ብቻ ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ የሚጠቀምበትን ጡብ መስሎ ይገባና ግንባታውን ያስቆማል። ግንባታው ካለቀ በኋላ የሐሰት ጡብ ማቅረብ ብዙ አይረባም፤ የተኛውንም ቫይረስ አይነካም። (ይህን የማታለል ዘዴ በመድኃኒት ሥራ ካስፋፉት አንዷ ገርትሩድ ኤልየን ናት፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች።)

ስለዚህ 3 ቀን ያለፈው ሰው «አለቀልኝ» ብሎ ቤቱ መቅረት የለበትም። አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እየወጣበት ከሆነ ቫይረሱ ገና እየተባዛ ነው፤ መድኃኒቱ ይታዘዝለታል። መከላከያው የተዳከመ ሰው እና በሽታው ዓይኑ አካባቢ የወጣበት ሰውም በማንኛውም ቀን ቢመጣ ይታከማል። ከ50 ዓመት በታች የሆነ፣ ሽፍታው ትንሽ የሆነና ሌላ በሽታ የሌለበት ሰው ግን ያለ መድኃኒትም ሊያገግም ይችላል። ያንን መወሰን የሐኪም ፈንታ ነው።

ሐኪሟ ኩላሊቷን ጠየቀቻት። አሲክሎቪር የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል፤ ጤነኛውም ቢሆን ውሃ በደንብ መጠጣት አለበት። ከዚያ ወረቀት ላይ ሰዓቱን ጻፈችላት፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4። በየ4 ሰዓቱ ሆኖ ሌሊቱን ያስተኛል። ገበያ ላይ የተገኘው ባለ 200ው እንክብል ስለነበር በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በቀን 20 ፍሬ፣ በ7 ቀን 140 ፍሬ ሆነ። አክስቴ ፌስታሉን አይታ «ይህን ሁሉ? ፈረስ ነኝ እንዴ!» አለች። ባለ 400 ቢገኝ 70 ፍሬ ይበቃት ነበር። ቫላሲክሎቪር የሚባለው ወንድሙ ደግሞ በደም ውስጥ የተሻለ ስለሚገባ 1 ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ይበቃል፤ ሲገኝ ለመዋጥ ይቀላል፣ ዋጋው ግን ሊከብድ ይችላል።

ፍሬ መቁጠር እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ከመድኃኒት ቤት ስትወጡ የያዛችሁት የአሲክሎቪር ባለ 200 እንክብል 25 ወይም 35 ፍሬ ከሆነ፣ የታዘዘላችሁ ለአልማዝ ባለጭራ ከሆነ፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ሕመሙን ማስታገስም ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር ነው። ሐኪሟ ፓራሲታሞል በየሰዓቱ እንጂ «ሲብስብኝ» እየተባለ እንዳይወሰድ አዘዘች፤ ካልበቃት ተመልሳ እንድትመጣና ጠንከር ያለ እንደሚታዘዝላት ነገረቻት። ለቆዳው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ አድርጎ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ በላላ የጥጥ ልብስ መሸፈን በቂ ነው። ውሃ የቋጠረውን ማፍረጥ፣ ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ፣ የጥርስ ሳሙና መቀባት አያስፈልግም። ቅጠሉ ቫይረሱን አያገኘውም፤ የተላጠው ቆዳ ላይ ግን ጀርም ሊያስገባ ይችላል። መግል ከቋጠረ፣ በዙሪያው ያለው ቅላት እየሰፋ ከሄደና ትኩሳት ከመጣ ተጨማሪ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

አክስቴ ቤት የ7 ወር ነፍሰ ጡር ልጇ አለች። ይህን ስትሰማ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልጅዎ ጉድፍ ወጥቶባታል?» አለቻት። ወጥቶባታል፤ ያኔ እኔም ወጥቶብኝ አብረን ነው የተኛነው። እፎይ ተባለ። አልማዝ ባለጭራ እንደ አልማዝ ባለጭራ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ከሽፍታው የሚወጣው ውሃ ግን ቫይረሱን ይዟል፤ ጉድፍ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው ከነካው ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ለጤነኛ ልጅ ቀላል የሆነው ጉድፍ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ ሕፃንና መከላከያው ለተዳከመ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህ ሽፍታው ሁሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ሸፍኖ መያዝ፣ እጅ መታጠብ፣ ፎጣ ለብቻ ማድረግ ያስፈልጋል። ቅርፊት ከያዘ በኋላ አይጋባም።

ከጎንና ከጀርባ ውጪ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። ግንባርና የዓይን ቆብ ላይ ከወጣ፣ በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ላይ አንዲት እንኳ ከታየች፣ ያው ነርቭ ዓይንንም ስለሚያስተዳድር ዓይን ሊነካ ነው ማለት ነው። ያ ሰው በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ማየት አለበት፤ እይታውን ሊያጣ ይችላል። ጆሮ ውስጥና ዙሪያው ወጥቶ ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመም እንዲሁ። ሽፍታው መቀነቱን ለቆ በመላ ሰውነት ላይ ከተበተነ ደግሞ መከላከያው እንደከዳ ምልክት ነውና ሆስፒታል ያስተኛል።

ከዚያ ሐኪሟ ሁለት ምርመራ አዘዘች፤ ስኳርና ኤች አይ ቪ። አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «በዚህ ዕድሜዬ!» አለች በለሆሳስ።

ይህን ያልኳት እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ሳምንት ባላናገረችኝ። ነገር ግን ጥያቄው ስድብ አይደለም። ኤች አይ ቪ አገራችን በተስፋፋበት ዘመን አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ወጣት ከጎረቤት ይደበቅ ነበር፤ ሰዎች ሽፍታውን ሲያዩ በሹክሹክታ ይፈርዱ ነበርና። ለሹክሹክታው መነሻ የሆነ እውነት አለ። ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም የተኛው ቫይረስ ይነቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አልማዝ ባለጭራን ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ከ4ቱ የበሽታው ደረጃዎች በ2ኛው ውስጥ ይመድበዋል። ውሸቱ ያለው በተቃራኒው ድምዳሜ ላይ ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሁሉ ኤች አይ ቪ የለበትም፤ በ63 ዓመት ዕድሜ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የስኳር በሽታ፣ የካንሰር ሕክምና፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መውሰድም በሩን ይከፍታሉ። ይሁን እንጂ በተለይ የ25 ወይም የ30 ዓመት ሰው ከሆነ ምርመራውን ሳያደርግ መሄድ የለበትም። ቫይረሱ ካለበት ሌላ ምልክት ሳይመጣ ሕክምናውን የሚጀምርበት ዕድል ነው። ጎኑን በፎጣ ጠቅልሎ ቤቱ የተደበቀ ወጣት ሁለት ነገር ያመልጠዋል፤ 72ቱ ሰዓትና ይህ ምርመራ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣበት ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ መከላከያው ሲያገግም አንዳንዴ ይህ ይከሰታል።

አክስቴ ሁለቱም ነጻ ሆኑላት። ውጤቱን ሲነግሯት «አላልኳችሁም?» አለች፤ ምንም ሳትለን።

እሑድ አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ቆመ። በሳምንቱ ደረቀ፣ በ3ኛው ሳምንት ቅርፊቱ ረገፈ፣ ቆዳዋ ላይ ጠየም ያለ መስመር ቀረ። ሕመሙ ግን ከቅርፊቱ ጋር አልሄደም። ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። መድኃኒቱ በጊዜ ሲጀመር ሽፍታው ቶሎ ይደርቃል፣ የመጀመሪያው ሳምንታት ሕመም ይቀንሳል፣ ያሳጥራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን የነርቭ ሕመም ሙሉ በሙሉ ይከላከላል ብሎ ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ በዚያ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም።

የሚቀረው ሕመም ስም አለው፤ ሽፍታው ከወጣ 3 ወር አልፎት ካልለቀቀ ድኅረ ሄርፒስ የነርቭ ሕመም ይባላል። ቆዳው ድኗል፣ ነርቩ ግን ቆስሎ ቀርቷል፤ ማንም ሳይነካው «ተነካሁ»፣ ጨርቅ ሲነካው «ተቃጠልኩ» እያለ የሐሰት ወሬ ወደ አንጎል ይልካል። ዕድሜው የገፋ፣ ሽፍታው ብዙ የነበረና ከመጀመሪያው ሕመሙ የበረታበት ሰው ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ፓራሲታሞል ብዙ አይፈይድለትም። የሚሠሩት የነርቭ መድኃኒቶች ናቸው። አክስቴ 4ኛ ወሯ ላይ አሚትሪፕቲሊን የምትባል እንክብል ታዘዘላት፤ ማታ ማታ፣ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚጨመር። ጎረቤቷ ስሙን ጠይቃ ሄዳ «የድብርት መድኃኒት ሰጥተውሻል፣ አሳበዱሽ እንዴ?» ብላት መጣች። እውነት ነው፣ ለድብርትም ይሰጣል፤ በትንሽ መጠን ሲሆን ግን የነርቭን ሕመም ያበርዳል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከአልጋ ድንገት ሲነሡ ሊያዞር ይችላልና ዕድሜ የገፋ ሰው ሲነሣ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ይቆይ። ለማይስማማው ጋባፔንቲን አለ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት አይሠሩም፤ ሳምንታት ይወስዳሉ። ብዙ ሰው የሚያቆማቸው «አልሠራም» ብሎ በ5ኛው ቀን ነው።

ክትባትም አለው። ሺንግሪክስ ይባላል፤ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከ2 እስከ 6 ወር ልዩነት 2 ጊዜ ይወጋል፤ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ በተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ከ100 በሽተኞች ወደ 90ና ከዚያ በላይ የሚሆኑትን አስቀርቷል። በኢትዮጵያ የመደበኛ ክትባት ዝርዝር ውስጥ የለም። በአሜሪካ የምትኖሩና 50 ዓመት የሞላችሁ ግን በአቅራቢያችሁ ባለ ፋርማሲ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ከ50 በታች ሆናችሁ መከላከያችሁ የተዳከመም እንዲሁ። ከዚህ በፊት አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኛል ማለት አያስፈልገኝም ማለት አይደለም፤ ሊደገም ይችላል። ክትባቱን የወሰደ ክንዱን ያመዋል፣ አንድ ሁለት ቀን ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

አክስቴ ዛሬ ያንን የቤት ቀሚስ እንደገና ትለብሳለች። ቅባቱ ግማሽ እንኳ ሳይወጣለት መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ «ገንዘብ ነው» ብላ አልጥልም ትላለች። ጎረቤቶቿ ጎናቸውን ሲያማቸው አሁን የሚሄዱት ወደ እሷ ነው፤ እሷም እንደ ሐኪሟ ትጠይቃለች።

እናንተም በአንድ ጎን ብቻ ሲለበልባችሁ ከሰነበተ ጠዋትና ማታ ቆዳችሁን ገልጣችሁ እዩ፤ ጀርባችሁን ሌላ ሰው ይይላችሁ። የመጀመሪያው ቅላት ሲታይ ቀኑንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ንግግራችሁን ከዚያ ጀምሩ።